የልጄ ሞለስከም ድንገት ቀላ፣ አበጠ፤ ይፈንዳ ወይስ ይተው?

የሒክማ እናት (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ብብቷ ሥርና ጎኗ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ወጥተውባታል። ከጤፍ ይበልጣሉ፣ ከምስር ያንሳሉ። ላያቸው ያብረቀርቃል። መሃላቸው ላይ ጎድጎድ ያለች ነጥብ አለች። ጤና ጣቢያ ሳሳያት «ሞለስከም ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ በራሱ ይጠፋል፣ አትነካኪው» አሉኝ። እኔም ተውኩት።

አሁን ግን ነገሩ ተለወጠ። ሦስቱ ድንገት ቀልተው አበጡ። አንደኛው ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ቋጥሯል። ዙሪያቸው ያለው ቆዳም ደርቆ ያሳክካታል፣ ማታ ስታክ ነው የምታድረው። ትኩሳት የላትም። ትበላለች፣ ትጫወታለች።

አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። «ኢንፌክሽን ሆኗል» ብለው የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ አዘዙልኝ። ነገ መልሰሽ አምጫት፣ ሁሉንም እናፈነዳቸዋለን አሉኝ። ልጅቷ ይህን ሰምታ እያለቀሰች ነው። ሽሮፑን ገና አላስጀመርኳትም። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ነገ ልውሰዳት ወይስ ልተው?

የጦሳ ልጅ

እህቴ፣ ይሄ ጉድፍ ነው። የኔ ሁለቱም ልጆች አንድ ሰሞን ወጥቶባቸው ነበር። ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ በሁለት ሳምንት አለቀ። ከሰው ለይተሽ ቤት አስቀምጫት፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

የሒክማ እናት (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ አመሰግናለሁ። ግን ከክረምት ጀምሮ ነው ያለው፣ ወራት አልፎታል። ውሃም አልቋጠረም።

አያት ከሆጤ

የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። በእኛ ጊዜ እናቶቻችን በእሾህ ነቅለው አመድ ያደርጉበት ነበር። ይድናል፣ አልዋሽሽም። ጠባሳው ግን አብሮን አረጀ። የእህቴ ጉንጭ ላይ እስከ ዛሬ ጎድጉዶ ይታያል። ሴት ልጅ ናት፣ ገላዋን አታስነኪ።

መድኃኒት ቀማሚው

ከሙያዬ አንጻር ልናገር። ሞለስከም ቫይረስ ነው። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይገድልም፣ ስለዚህ ሽሮፑ ላይ መጠንቀቅሽ ትክክል ነው። ቫይረስ ከሆነ ደግሞ የቫይረስ መድኃኒት አለ። አሲክሎቪር ቅባት በቀን አምስት ጊዜ ቀቢያት። ለምችም ይሠራል፣ ለዚህም ይሠራል። ለማሳከኩ ግን ሃይድሮኮርቲዞን እንዳትነኪ። ስቴሮይድ የቆዳን መከላከያ ስለሚያዳክም ቫይረሱን ያባዛዋል።

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

የሒክማ እናት፣ ልጅሽን ሳላያት እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። የጻፍሽው ግን በክፍላችን በብዛት የማየው ነገር ነው። ነገ ለማስፈንዳት አትውሰጃት። ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ይህ ቫይረስ የሚኖረው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው። ወደ ደም አይገባም፣ ወደ ውስጥም አይዘልቅም። ከሰውነት መከላከያ የሚሸሸግባቸውን ፕሮቲኖች ራሱ ይሠራል። ለዚህ ነው እብጠቱ ለወራት ምንም ሳይቀላ፣ ሳያም፣ ዝም ብሎ የሚቀመጠው። ሰውነቷ እዚያ ጠላት መኖሩን ገና አላየም ማለት ነው።

አንድ ቀን ግን ያየዋል። ያን ጊዜ ነጭ የደም ሴሎች እብጠቱን ይከብቡታል። ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ጫፉ መግል የቋጠረ ይመስላል፣ ከዚያ ቅርፊት ይሠራል። እናቶች «ባሰባት» ብለው ይዘዋቸው የሚመጡት በዚህ ሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የመዳኑ ምልክት ነው። የቀላው እብጠት በሚቀጥሉት ሳምንታት ተሟሽሾ ይጠፋል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ልጆች አንቲባዮቲክ የሚሰጣቸውና የሚፈነዳባቸው ልክ ሰውነታቸው ሥራውን በጀመረበት ጊዜ ነው።

እውነተኛ ኢንፌክሽንም አለ፣ በተለይ ልጁ በቆሸሸ ጥፍር ሲያከው። ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት የሚከተሉትን እይና ንገሪኝ። ቅላቱ እብጠቱ ዙሪያ ብቻ ነው ወይስ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ነው? በእስክርቢቶ የቅላቱን ዳር ዙሪያውን አስምሪበትና ነገ በዚህ ሰዓት ተመልከቺው። መስመሩን አልፎ ከሄደ አንድ ነገር ነው፣ እዚያው ከቆመ ሌላ ነው። በጣትሽ ስትነኪው ሕመሙ እየጨመረ ነው ወይስ ከሕመም ይልቅ ማሳከክ ነው? ቦታው ከሌላው ገላዋ ይልቅ ይግላል? ከእብጠቱ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር አለ? ዐይኗ አካባቢስ ወጥቶባታል? ከሕፃንነቷ ጀምሮ ችፌ ነበረባት?

የሒክማ እናት (ኮምቦልቻ)

ዶክተር፣ አላህ ይስጥልኝ። አሁን አሰመርኩበት። ሦስቱም ጋ ቅላቱ ጠባብ ነው፣ የጣት ጥፍር ስፋት አይሞላም። ስነካት «ያሳክከኛል» ነው የምትለው፣ አልጮኸችም። ቀይ መስመር የለም። ዐይኗ ደህና ነው። ችፌ ግን አዎ፣ በሕፃንነቷ ጉንጯና ክንዷ ላይ ነበረባት። አሁንም በበጋ ክርኗ ውስጥ ይመለስባታል።

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

ችፌው ብዙ ነገር ያስረዳናል። ችፌ ያለበት ቆዳ ደረቅና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ቫይረሱ በቀላሉ ይገባል። ከዚያ ልጅቷ ታካለች፣ በጥፍሯ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። ብብትና ጎን ላይ ክንዱና ገላው ይተሻሻል፣ እዚያ የሚበዙትም ለዚህ ነው። አንዳንድ ልጅ ላይ በመደዳ ተሰልፈው ታገኛቸዋለህ፣ የጥፍሩ መንገድ ነው።

ስለዚህ መታከም ያለበት እብጠቱ ሳይሆን ዙሪያው ያለው ደረቅ ቆዳ ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይቆዩ፣ ብዙ ሳሙና ሳትጠቀሚ እጠቢያት። ገላዋ ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወፈር አድርገሽ ቀቢያት፣ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ። በሚያሳክካት ደረቅ ቦታ ላይ አንድ ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲዞን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን፣ በስሱ። እብጠቱ ራሱ ላይ አይደለም፣ በዙሪያው ነው። ጥፍሯን ከሥሩ ቁረጪ። ማሳከኩ ሲቆም ማዛወሩም ይቀንሳል።

መድኃኒት ቀማሚው፣ ስለ አንቲባዮቲኩ ያልከው ልክ ነው። አሲክሎቪር ግን እዚህ አይሠራም። አሲክሎቪር ሥራውን እንዲጀምር የምች ቫይረስና ዘመዶቹ የሚሠሩት አንድ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። ሞለስከም የፈንጣጣ ቤተሰብ ነው፣ ያንን መንገድ አይከፍትለትም። እናቲቱ ገንዘቧን አታባክን። ኢንፌክሽን ቢሆን እንኳ ለቆዳ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ የምንመርጠው ክሎክሳሲሊን ነው እንጂ አሞክሲሲሊን አይደለም።

መድኃኒት ቀማሚው

አሲክሎቪሩን ተቀብያለሁ። ስቴሮይዱን ግን አልቀበልም። በመድኃኒት ቤት መስኮት የማየውን ልንገርህ። እናቶች ኃይለኛውን ክሎቤታሶል ያለ ማዘዣ ገዝተው የሕፃን ፊት ላይ ለወራት ይቀባሉ። ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ እብጠቱም ይበዛል። «ስቴሮይድ ቀቢ» ካልካት ነገ የምትገዛው ያንን ነው።

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

ክሎቤታሶል ላይ አንድ ነን። በሕፃን ፊት ላይ መቀባት የለበትም። ቀላሉ ለጥቂት ቀን ከሆነ ግን ስታክ አድራ ከምታሰራጨው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሐኪሞችም በዚህ አንድ ሐሳብ የላቸውም። አንዳንዶቹ በቫዝሊን ብቻ ይሞክሩና ካልበቃ ነው ሃይድሮኮርቲዞን የሚጨምሩት። የሒክማ እናት፣ ከፈለግሽ እንደዚያ አድርጊ።

ሰሚራ (መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ)

እኔ ጥያቄ አለኝ። ክፍሌ ውስጥ ይህ ያለበት ልጅ አለ። ሌሎች ወላጆች «ይወጣልን» ብለው ተሰብስበው መጡ። ርእሰ መምህሯ እስኪድን ቤቱ ይቀመጥ አለች። ልክ ነው?

የጦሳ ልጅ

ልክ ነው እንጂ! የሚተላለፍ ከሆነ የሰው ልጅ ለምን ያስይዛል? ይድንና ይምጣ።

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

እስኪድን ስንት ጊዜ ነው? ብዙ ልጆች ላይ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ በላይ የሚቆይበትም ልጅ አለ። አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ቤቱ ይቀመጥ ማለት ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ፣ በጋራ ፎጣ፣ በጋራ ልብስና አንድ ሳፋ ውስጥ አብሮ በመታጠብ ነው። በትንፋሽ አይተላለፍም። አንድ ወንበር ላይ በመቀመጥ ያን ያህል አያሰጋም። በልብስ ይሸፈን። ልብስ የማይሸፍነውን ቦታ በፕላስተር ለጥፉበት። ልጁ ይማር።

ወላጆቹንም የምትነግሪያቸው ሌላ ነገር አለ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ እብጠቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። የታየበትን ልጅ ስታስወጪ ያልታየባቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው።

የጦሳ ልጅ

ዶክተር፣ እሱ ለእርስዎ ቀላል ነው። እኔ ግን ልጄን አጠገቡ አላስቀምጥም።

ቢኒ

ይቅርታ፣ ክሩን ለመስረቅ አይደለም። እኔ አዋቂ ነኝ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ። የተገለጸው ቁርጥ የኔ ነው። ፊቴና አንገቴ ላይ ብዙ ወጥቶብኛል። ጢሜን ስላጭ ይበዛል። አንዱ በጣም አድጓል፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። እኔም ዝም ብዬ ልጠብቅ?

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

ቢኒ፣ አንተ አትጠብቅ። ለሕፃን የነገርኩት ላንተ አይሆንም። አዋቂ ሰው ፊት ላይ ብዙ ሲወጣና እንዲህ ሲያድግ መጀመሪያ የኤችአይቪ ምርመራ ነው የማደርገው። ከሆነም መድኃኒቱን ስትጀምር መከላከያህ ሲመለስ እብጠቱም አብሮ የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው። መከላከያው በጣም በተዳከመ ሰው ላይ ደግሞ ሞለስከም የሚመስል ሌላ ከባድ የፈንገስ በሽታ አለ። ራስ ምታትና ትኩሳት ከታከለበት እሱ ጊዜ አይሰጥም። እንዲህ ዓይነት ነገር ከተሰማህ ዛሬውኑ ሂድ። ምላጩን ለጊዜው ተው፣ ጢምህን በመቀስ አሳጥረው። ምላጭ ልክ እንደ ልጆቹ ጥፍር ያዛውራል።

ሕፃን ላይም ቢሆን በጣም ትልልቅ፣ ብዛታቸውም ከልክ ያለፈ ሆኖ፣ ልጁ ክብደት የማይጨምር ወይም በተደጋጋሚ የሚታመም ከሆነ ምርመራውን እንጠይቃለን። ጥቂት እብጠት ያለበት ጤነኛ ልጅ ላይ ግን እናትን በዚህ ማስደንገጥ አያስፈልግም።

ቢኒ

ገባኝ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

እናት ደሴ ቧንቧ ውሃ

ዶክተር፣ የኔ ልጅ አራት ዓመቱ ነው። አንዷ ብቻ ናት፣ ግን የወጣችው የዐይኑ ሽፋን ጠርዝ ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ሥር። ዐይኑ ከቀላ ቆየ፣ ያለቅሳል። የዐይን ጠብታ ተሰጥቶን ሲሻለው፣ ጠብታው ሲያልቅ ይመለሳል። አንድ ላይ ናቸው?

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

አንድ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጠርዝ ላይ ያለች እብጠት ቫይረሱንና የምታመነጨውን ነገር ወደ ዐይን ታፈሳለች። ዐይኑ በእሱ ይቆጣል። እሷ እስካለች ጠብታው ማስታገሻ ብቻ ነው። «ተዉት» የማልልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። መነሳት አለባት። ግን በቤት ውስጥ በምንም ዓይነት ነገር እንዳትነኳት። ቅባትም፣ ሎሚም፣ ነጭ ሽንኩርትም ዐይን አጠገብ አይቀርብም። የዐይን ሐኪም ነው የሚያነሳት። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳም የዐይንም አገልግሎት ስላለው ከደሴ ሩቅ አይሆንባችሁም።

እናት ደሴ ቧንቧ ውሃ

ያመዋል? ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ አይደለም።

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

ገላ ላይ ቢሆን ማደንዘዣ ቅባት ቀብተን፣ በፕላስቲክ ሸፍነን፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከጠበቅን በኋላ በትንሽ መፋቂያ ጭረን እናወጣዋለን። ትንሽ ይደማል፣ ያበቃል። ዐይን ጠርዝ ላይ ግን ልጁ ድንገት ቢወራጭ አደጋ ነው። በዚያ ዕድሜ ለአጭር ጊዜ አስተኝቶ ማንሳት የተለመደ ነው። የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ይህን ጠይቁት።

መድኃኒት ቀማሚው

ዶክተር፣ ታዲያ ማንሳት ይህን ያህል ቀላል ከሆነ የሒክማንም ለምን አንድ ቀን ጨርሶ ማንሳት አይቻልም? ወላጅ ወራት ከሚጠብቅ? በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚያቃጥሉም አሉ።

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

ይቻላል፣ የሚመርጡ ወላጆችም አሉ። እኔ የምመዝነው እንዲህ ነው። አንድ ወይም ሁለት እብጠት ብቻ ሆኖ፣ ልጁ ፈቅዶ፣ ማደንዘዣ ቅባት ካለ እፍቃለሁ። ብዙ ሲሆን ግን ልጁ በጩኸት ተይዞ ይፋቃል፣ ከዚያም በኋላ ነጭ ጋዋን ባየ ቁጥር ይሸሻል። በዚያ ላይ ገና ያልታዩት በሚቀጥለው ወር ይወጣሉ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ ውሃ ያስቋጥራል። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ለወራት ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል፣ አንዳንዴም ቀለሙ ጨርሶ አይመለስም። በራሱ የሚጠፋ ነገር ለማከም የሴት ልጅ ገላ ላይ ያንን መተው አልፈልግም።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ያሉትን ሕክምናዎች መርምሮ፣ ይሠራል ብሎ በእርግጠኝነት የሚያስቀድመው አንድም አላገኘም። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ በ2023 ሐኪም ብቻ የሚቀባው ካንታሪዲን ፈቃድ አግኝቷል። እኔ በምሠራበት ቦታ የለም። ስለዚህ የማነሳው ዐይንን ሲነካ፣ ልጁን ሲያስጨንቀው፣ ያለማቋረጥ ሲደማ ወይም ሲመግል ነው።

የሒክማ ክሊኒክ አደርጋለሁ ያለው ማፈንዳት ደግሞ ከመፋቅ ይለያል። በጣት ሲጨመቅ የሚወጣው ነጭ ጠጣር ነገር መግል አይደለም፣ ቫይረሱ የታጨቀበት እሱ ነው። ሲፈስ አጠገቡ ባለው ቆዳ ላይ ይተከላል። ግማሹ ወደ ውስጥ ሲፈነዳ ደግሞ በእውነት ያመረቅዛል። እትዬ ከላይ የነገሩን የጉንጭ ጉድጓድም ከእንዲህ ዓይነቱ መነቀል ነው።

አያት ከሆጤ

ልክ ነህ ልጄ። እሾሁ እንጂ በሽታው አልነበረም።

የሒክማ እናት (ኮምቦልቻ)

ቆይቼ ነው የመጣሁት፣ ሳምንት አልፏል። ወደ ክሊኒኩ አልመለስኳትም፣ ሽሮፑንም አላስጀመርኳትም። ቅላቱ መስመሩን አላለፈም። ቫዝሊኑን ሳላቋርጥ ቀባሁ፣ ሃይድሮኮርቲዞኑን ለአምስት ቀን ብቻ። ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ ተኝታ ማደር ጀመረች። ከሦስቱ አንዱ ቅርፊት ሠርቶ ወደቀ፣ ቦታው ቀላ ብሎ ጠፍጣፋ ሆኗል። ሁለቱ እየተሟሸሹ ነው።

ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጀርባዋ ላይ አዲስ ሁለት አየሁ። እየዳነች ከሆነ ለምን አዲስ ይወጣል? ሌላው፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ነበር የማጥባቸው። እሱ ላይ ምንም የለም።

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

አዲሶቹ ከሳምንታት በፊት ስታክ የተዘሩ ናቸው። አሁን የምታደርጊው ነገር ያለፈውን አይሽረውም። ሰውነቷ ቫይረሱን ከለየው በኋላ የቀሩትም አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥሉት ወራት ተራ በተራ ይቀላሉ። ሁሉም ላይ ግን እንዲህ አይሆንም፣ ቀኑን ቆጥሬ ልነግርሽ አልችልም። በየጊዜው መስመር ማስመር አያስፈልግሽም። የሚሰፋ ቅላት፣ የሚጨምር ሕመም ወይም ትኩሳት ካየሽ ብቻ አምጫት። የወደቀው ቦታ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ሊቆይ ይችላል፣ በወራት ይጠፋል። አንዳንዱ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል።

ወንድሟን ለይተሽ እጠቢው። ፎጣውም የየራሳቸው ይሁን። እስካሁን ይዞት ከሆነም ለመታየት ጊዜ ይወስዳል፣ አሁን የሚደረግለት ሕክምና የለም። እሱም ችፌ አለበት?

የሒክማ እናት (ኮምቦልቻ)

የለበትም። ቆዳው ደህና ነው።

ሰሚራ (መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ)

ዶክተር የጻፉትን ለርእሰ መምህሯ አነበብኩላት። ሐኪም ፈርሞበት ካልመጣ አልቀበልም አለች። የልጁ እናት የቀን ሠራተኛ ናት፣ ለካርድ ከሥራ መቅረት ሊኖርባት ነው። ጤና ጣቢያ ያለ ጤና መኮንን የሚጽፈው ወረቀት ይበቃል?

የቆዳ ሐኪም ነኝ (ደሴ)

ለእኔ ይበቃል። ትምህርት ቤቱ ይቀበለው አይቀበለው ግን አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ይጻፍበት፤ ልጁ ክፍል ውስጥ መቀመጥ እንደሚችል፣ እብጠቶቹም በልብስ ወይም በፕላስተር ተሸፍነው እንደሚቆዩ። ካልተቀበሉ እዚህ ንገሪኝ፣ የሚያናግራቸው ሰው እፈልጋለሁ።